በረዶ የሠራ ኤሲ ለምን ቤት አያቀዘቅዝም?

«ወንድሜ፣ ደጅ ያለው ወፍራሙ ቱቦ በረዶ ለብሷል። ቤቱ ግን ምድጃ ሆኖብኛል። በረዶ እየሠራ እንዴት አያቀዘቅዝም?»

የደወሉልኝ በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ እናት ናቸው። ወሩ ሐምሌ ነበር፤ በዚያ አካባቢ ሐምሌ ከሙቀቱ ይልቅ ወበቁ የሚያስመርርበት ወር ነው። ቴርሞስታቱን 72 ፋራናይት ላይ አድርገውት ስክሪኑ የሚያሳየው 81 ነበር። በሴልሺየስ 22 ጠይቀው 27 ተሰጣቸው ማለት ነው። እጃቸውን የአየር መውጫው ላይ ሲያስጠጉ የሚወጣው አየር ከትንፋሽ የማይሻል ነው። ከአንድ ቀን በፊት የመጣ ባለሙያ «ጋዝ ጎድሏል፣ መሞላት አለበት» ብሎ ዋጋ ነግሯቸው ሄዷል። እሳቸው ግን ስለ በረዶው የጠየቁት ስላልተመለሰላቸው ገንዘባቸውን ያዝ አድርገው ለእኔ ደወሉ።

ኤሲ ስጠግን በኖርኩባቸው ዓመታት ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ከደንበኛ አልሰማሁም። በረዶና ሙቀት በአንድ ማሽን ላይ እንዴት አብረው ሊገኙ እንደሚችሉ የገባው ሰው ኤሲው ምን እንደሚሠራ ገብቶታል።

ኤሲ ቅዝቃዜ እየሠራ ወደ ቤት የሚያስገባ ይመስላል እንጂ ሥራው ሙቀትን ከቤት ተሸክሞ ደጅ መጣል ነው። ሸክሙ የሚነሣው ኢቫፖሬተር ኮይል በሚባለው ክፍል ላይ ነው። በአሜሪካ ቤቶች ይህ ኮይል ብዙውን ጊዜ ቤዝመንት ውስጥ፣ ከማሞቂያው ራስ ላይ፣ በቆርቆሮ ሣጥን ተሸፍኖ እንደ ትንሽ ድንኳን ሁለት ጎኑ ተጋጥሞ ይቆማል። ቱቦዎቹ ውስጥ ጋዝ ይዞራል፤ ቱቦዎቹን ደግሞ ፊን የሚባሉ ስስ የአሉሚኒየም ቅጠሎች እንደ መጽሐፍ ገጽ ተደርድረው ያቅፏቸዋል። በቅጠልና በቅጠል መካከል ያለው ክፍተት ሁለት ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ብሎወር የሚባለው ትልቁ ማራገቢያ የቤቱን አየር ስቦ በእነዚህ ክፍተቶች መካከል ያሳልፈዋል። 24 ዲግሪ ሆኖ የገባው አየር ሙቀቱን ለኮይሉ ትቶ 13 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ወደየክፍሉ ይመለሳል።

ጋዝ ብለን የምንጠራው ነገር ወደ ኮይሉ ሲገባ በአብዛኛው ፈሳሽ ነው። እዚያ ውስጥ ይፈላል። ሙቀቱን ከአየሩ የሚነጥቀውም በመፍላቱ ነው፤ ድስት ውስጥ ያለ ውሃ ከእሳቱ ሙቀት ወስዶ እንፋሎት እንደሚሆነው ሁሉ። ልዩነቱ ይህ ፈሳሽ የሚፈላው አራት ወይም አምስት ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ መሆኑ ነው። ለእሱ የክፍላችሁ አየር እሳት ነው።

አሁን አንድ ነገር እናስታውስ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ሲሆን ጅቡቲ ወደብ ላይ ግን 100 ላይ ነው። ሽምብራ አዲስ አበባ ላይ ምድጃ ላይ የሚውለው ለዚህ ነው፤ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃው በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። በኮይሉ ውስጥም ሕጉ ያው ነው። ግፊቱ ሲወርድ ጋዙ የሚፈላበት ዲግሪ አብሮ ይወርዳል። ግፊቱን የሚወስኑት ደግሞ ሁለት ናቸው፦ ደጅ ያለው ኮምፕሬሰር እንፋሎቱን የሚስብበት ፍጥነትና ከክፍሉ የሚመጣው ሙቀት እንፋሎት የሚያመርትበት ፍጥነት። ሁለቱ ሲመጣጠኑ ጋዙ አራትና አምስት ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ ኮይሉ ቀዝቃዛ ይሆናል፣ ግን በረዶ አይሠራም። ከበረዶ የሚለየው አራት አምስት ዲግሪ ብቻ ነው። ማሽኑ ጤነኛ ሲሆንም የሚሠራው ከገደሉ አፋፍ ብዙም ሳይርቅ ነው።

ይህችን ርቀት የሚያጠፋት ፊልተሩ ነው።

ፊልተሩ የካርቶን ፍሬም ያለው፣ አንድ ኢንች ውፍረት ያለው፣ እንደ አኮርዲዮን የታጠፈ ጨርቅ መሰል ነገር ነው። አየሩ ወደ ብሎወሩ ከመግባቱ በፊት ያልፍበታል። ብዙ ሰው ለሳንባችን የተሠራ ይመስለዋል፤ ዋና ሥራው ግን አቧራ እርጥቡ ኮይል ላይ ሄዶ እንዳይለጠፍ መከላከል ነው። አቧራ በያዘ ቁጥር አየር የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች ይደፈናሉ። ብሎወሩ ሲዞር ይሰማል፣ ድምፁም አልተለወጠም፤ የሚያደርሰው አየር ግን እየቀነሰ ይሄዳል። አየር ቀነሰ ማለት ወደ ኮይሉ የሚደርሰው ሙቀት ቀነሰ ማለት ነው። ጋዙ የሚያፈላውን እሳት አጣ። ኮምፕሬሰሩ ግን ይህን አያውቅም፤ እንደ ወትሮው መሳቡን ይቀጥላል። የሚመረተው እንፋሎት ከሚሳበው ሲያንስ ግፊቱ ይወርዳል፣ የመፍያው ዲግሪም ወደ ሦስት፣ ወደ አንድ፣ ከዚያም ከዜሮ በታች ይወርዳል።

በሐምሌ ወበቅ የእሳቸውን ቤት የሚያህል ቤት ኮይል በሰዓት ሁለት ሦስት ሊትር ውሃ ከአየሩ ላይ ያንጠባጥባል። ይህ ውሃ በደኅናው ጊዜ በፊኖቹ ላይ ወርዶ ከሥር ባለው ትሪ ተጠራቅሞ በቱቦ ይወጣል። ኮይሉ ከዜሮ ሲወርድ ግን ውሃው እንደተንጠለጠለ ይረጋል። መጀመሪያ የሚታየው እንደ ዱቄት የነጣ ስስ ውርጭ ነው። ሁለት ሚሊ ሜትሯ ክፍተት በዚህ ቶሎ ትሞላለች። ያኔ አየሩን የሚያግደው ፊልተሩ ብቻ መሆኑ ይቀርና በረዶው ራሱ ሁለተኛ ግድግዳ ይሆናል። አየሩ ይበልጥ ይቀንሳል፤ ኮይሉ ይበልጥ ይበርዳል፤ በረዶው ይበልጥ ይወፍራል። አንዴ ከጀመረ በራሱ የሚያቆምበት ምክንያት የለም።

ነገሩን የሚያባብሰው ቴርሞስታቱ ነው። እሱ የሚለካው የክፍሉን ሙቀት እንጂ የኮይሉን አይደለም። ክፍሉ 81 ከሆነ ማሽኑ ሥራ እንዳልጨረሰ ይቆጥርና ያለ ዕረፍት እንዲሠራ ያዘዋል። ማሽኑ አልፎ አልፎ ቢያርፍ ኖሮ ውርጩ በዕረፍቱ ይሟሟ ነበር። ሰውም በበኩሉ ቤቱ አልቀዘቅዝ ሲለው ከ72 ወደ 68 ያወርደዋል። ይህ ለማሽኑ የማቀዝቀዝ አቅም አይጨምርለትም፤ ዕረፍት የሚያገኝበትን ሰዓት ብቻ ያርቅበታል።

እንግዲህ የእኚህ እናት ጥያቄ መልሱ ይህ ነው፦ በረዶው የቅዝቃዜ ብዛት ምልክት ሳይሆን ሙቀት ወደ ኮይሉ አለመድረሱን የሚያሳይ ምልክት ነው። ቅዝቃዜው ቆርቆሮው ሣጥን ውስጥ ታስሯል፤ ወደ ክፍሉ የሚያደርሰው አየር የለም።

ቱቦው ደጅ ድረስ በረዶ የለበሰው ደግሞ ኮይሉ ውስጥ ሳይፈላ የቀረው ጋዝ በፈሳሽነቱ እየተመለሰ ስለሆነ ነው። ጥቁር ስፖንጅ የለበሰው ወፍራሙ ቱቦ እንፋሎት የሚመለስበት ነው፤ አሁን ግን ቀዝቃዛ ፈሳሽ ይዞ ግድግዳውን አልፎ እስከ ኮምፕሬሰሩ ይደርሳል። ሊያሳስብ የሚገባው ይህ ነው። ኮምፕሬሰር የተሠራው እንፋሎት እንዲጨምቅ ነው፤ ፈሳሽ አይጨመቅም። የሚገባው ፈሳሽ ዘይቱን እያጠበ ተሸካሚዎቹን ያስፍቃል። ሲበዛም ውስጡን ይሰብራል። በጥቂት ዶላር የሚገዛ ፊልተር ከማሽኑ ሁሉ ውዱን ክፍል የሚገድለው በዚህ መንገድ ነው።

በስልክ የነገርኳቸው የመጀመሪያው ነገር ማቀዝቀዣውን እንዲያጠፉ ነበር። «እትዬ፣ ቴርሞስታቱ ላይ COOL የሚለውን ወደ OFF ያድርጉት። FAN የሚለውን ደግሞ ከ AUTO ወደ ON ይለውጡት። ከዚያ ቤዝመንት ወርደው ማሞቂያው ሥር ፎጣ ያንጥፉ።» ኮምፕሬሰሩ ሲቆም ማራገቢያው የክፍሉን ሞቃት አየር በበረዶው ላይ እያሳለፈ ያሟሟዋል። ፎጣው የሚያስፈልገው የሚቀልጠው ውሃ አንዳንዴ ከትሪው አልፎ ስለሚፈስ ነው። በረዶውን በቢላዋ ወይም በመፍቻ ለመፈርከስ የሚሞክር ሰው አለ፤ እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ፊኖቹ በጣት የሚታጠፉ ናቸው፤ ከሥራቸው ያለው ቱቦ ከተበሳ ደግሞ ጋዙ ይወጣና ኮይሉ በሙሉ መቀየር ይኖርበታል።

ስደርስ ሰዓቱ ከአራት በላይ አልፎ ነበር። ቡና አቅርበውልኛል፤ እኔ ግን መጀመሪያ ቤዝመንት ወረድኩ። ውሃው በትሪው ቱቦ እየተንቆረቆረ ይወርዳል። «ፊልተሩን መቼ ቀየሩት?» አልኳቸው። «ሦስት ሳምንት አይሞላውም፤ ቀኑንም ጽፌበታለሁ» አሉ። እውነታቸውን ነበር፤ በፍሬሙ ላይ ቀኑ በእስክሪብቶ ተጽፏል። በጥቅሉ ላይ የታተመው ደግሞ እስከ ሦስት ወር ያገለግላል ይላል።

ፊልተሩን ስስበው ያልጠበቅሁት ክብደት ነበረው። የተለመደው ግራጫ አቧራ፣ የምንጣፍ ብናኝና ፀጉር አይደለም የያዘው። እጥፋቶቹ በሙሉ በነጭ ዱቄት ተሞልተዋል፤ በጣቴ ብጭነው እንደ ደረቀ ሊጥ ፈረሰ። ፍሬሙ ወደ ብሎወሩ በኩል ጎበጥ ብሏል፤ ይህ ብሎወሩ ምን ያህል በጭንቅ ይስብ እንደነበር ያሳያል። ወደ አምፖሉ አነሣሁት፤ ብርሃን የሚባል አያሳልፍም። ቀና ብዬ ሳይ ነገሩ ተገለጠልኝ። እትዬ ቤዝመንቱን ለተከራይ እያዘጋጁ ነው። አዲስ የተመታው የጂፕሰም ቦርድ መጋጠሚያው በስቱኮ ተሞልቶ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቋል። ሥራው ሐሙስና ዓርብ ነበር። የአየር መሳቢያው ከዚያው ግድግዳ ሁለት እርምጃ ላይ ነው፤ ማሽኑም ሁለቱንም ቀን ሲሠራ ውሏል። ሦስት ወር ይቆያል የተባለው ፊልተር በሁለት ቀን ሞልቷል። ቅዳሜ በረዶ ሠራ፤ እሑድ እኔ መጣሁ።

ስለዚህ ለፊልተር ከቀን መቁጠሪያ ይልቅ ዓይን ነው የሚሻለው። ግንባታ፣ ውሻና ድመት፣ ብዙ ምንጣፍ፣ በየሳምንቱ የሚቆላ ቡናና የሚቁላላ ሽንኩርት ያለበት ቤት ፊልተሩ ከተጻፈለት ጊዜ በፊት ይሞላል። የዘይት ጭጋግ አቧራውን ያጣብቀዋልና። በበጋ በየወሩ አውጥቶ ወደ ብርሃን ማየት ነው፤ የኋላው መብራት ካልታየ ጊዜው ደርሷል።

ያ የመጀመሪያው ባለሙያ ጋዝ ጎድሏል ያለው ከመሬት ተነሥቶ አልነበረም። ጌጁን አያይዞ ዝቅ ያለ ቁጥር አይቷል። እንደ እትዬ ኤሲ ያለ አር-410ኤ ጋዝ የሚጠቀም ማሽን በደኅናው ጊዜ በወፍራሙ ቱቦ በኩል 118 ወይም 120 ፒኤስአይ ገደማ ያሳያል፤ ኮይሉ በረዶ ሲሠራ ወደ 80 ሊወርድ ይችላል። ችግሩ ጋዝ ሲጎድልም ቁጥሩ በተመሳሳይ መንገድ መውረዱ ነው። ጌጁ ግፊቱ መውረዱን ይናገራል እንጂ ለምን እንደወረደ አይናገርም። የሚለየው ቱቦውን በመለካት ነው። ጋዝ ሲጎድል ያለው ጥቂት ፈሳሽ ቶሎ ፈልቶ ያልቅና እንፋሎቱ ኮይሉን ሳይጨርስ መሞቅ ይጀምራል፤ ስለዚህ ወፍራሙ ቱቦ በግፊቱ ከሚጠበቀው በላይ ሞቅ ይላል። አየር ሲታፈን ግን ተቃራኒው ነው፤ ፈሳሹ ሳይፈላ ይተርፋልና ቱቦው እስከ መጨረሻው ይበርዳል። የውርጩ አጀማመርም ይጠቁማል። ጋዝ ሲጎድል ብዙውን ጊዜ ከኮይሉ መግቢያ በኩል ተወስኖ ይጀምራል፤ አየር ሲያንስ ግን ኮይሉን ሰፋ አድርጎ ይሸፍናል። በረዶው ከወፈረ በኋላ ግን ሁለቱን በዓይን መለየት አይቻልም። ለዚህ ነው በረዶ ያለበት ማሽን ላይ ጋዝ መመዘንም መጨመርም የማይገባው። ያን ቅዳሜ ጋዝ ቢሞላ ኖሮ ፊልተሩ ሲቀየር ማሽኑ ከመጠን በላይ ጋዝ ይዞ ይገኝ ነበር፤ ያ ደግሞ ሌላ በሽታ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ወገኖቼን ገንዘብ ያስወጣ አንድ አባባል አለ፦ «በየዓመቱ ጋዝ ይሞላል» የሚል። የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን አይነድም፤ በታሸገ ቱቦ ውስጥ ያለ መቆራረጥ ይዞራል። ከጎደለ የሚያፈስ ቦታ አለ፤ ያ ቦታ ሳይፈለግ መሙላት በቀዳዳ እንስራ ውሃ መቅዳት ነው። በአሜሪካ ጋዙን መንካት የሚችለው የፌዴራል የምስክር ወረቀት ያለው ሰው ነው፤ ስለዚህ የመጣውን ሰው «የት ነው የሚያፈሰው?» ብሎ መጠየቅ መብት ነው።

ኮይሉ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ሌላ አንድ ሰዓት ጠበቅን፤ ቡናውም ያኔ ደረሰ። ከዚያ የቆርቆሮውን መዝጊያ ከፍቼ በባትሪ አየሁት። ፊኖቹ ንጹሕ ናቸው፤ ፊልተሩ ታፍኖም ቢሆን ሥራውን ሠርቷል። እዚያ ላይ አቧራ ተለጥፎ ቢሆን ኖሮ አዲስ ፊልተር ብቻውን አይበቃም ነበር፤ እርጥብ ኮይል ላይ የገባ ጂፕሰም ደርቆ ይጋገራል፤ በኮይል ማጠቢያ ካልሆነ አይለቅም። «ለጊዜው ያለ ፊልተር ይሥራ» የሚለውን ምክር የምቃወመው ለዚህ ነው። በአንድ ሳምንት የዳነው ገንዘብ ዓመት ሙሉ ያስከፍላል።

አዲሱን ፊልተር ቀስቱ ወደ ብሎወሩ እንዲያመለክት አድርጌ አስገባሁ። እትዬ አንድ ጥቅል በጣም ጥቅጥቅ ያለ፣ ሜርቭ 13 የሚል ፊልተር ገዝተው አስቀምጠው ነበር፤ «የተሻለው ይህ አይደለም?» አሉኝ። አቧራ በመያዝ አዎን ይሻላል። ነገር ግን በአንድ ኢንች ውፍረት ያን ያህል የጠበቀ ጨርቅ አዲስ ሆኖም ብዙ አየር ሊያግድ ይችላል፤ እንደሳቸው ላለ አሮጌ ማሽንና ጠባብ ደክት ከጥቅሙ ጉዳቱ ሊበልጥ ይችላል። ሜርቭ 8 አስገባሁላቸው። ጥብቁን የሚፈልግ ሰው አራት ኢንች ውፍረት የሚይዝ ሣጥን ቢያሠራ ይሻለዋል፤ የጨርቁ ስፋት ስለሚጨምር አየሩ ይተነፍሳል።

ማሽኑን አስነሣሁትና 20 ደቂቃ ጠበቅሁ። ወደ ፊልተሩ የሚገባው አየር 26 ዲግሪ፣ ከኮይሉ የሚወጣው 15 ሆነ። ልዩነቱ 11 ነው፤ ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ያለው ደኅና ነው። ጌጁ 121 አለ። ወፍራሙ ቱቦ ደጅ ላይ በረዶ የለውም፤ እንደ ቀዝቃዛ ለስላሳ ጠርሙስ ላብ ብቻ ይዞታል። አንድ ጠብታ ጋዝ አልጨመርኩም።

ሁልጊዜ ፊልተሩ ነው ማለቴ አይደለም። ፊልተሩ ንጹሕ ሆኖ በረዶ ከሠራ የሚጠረጠረው ብዙ ነው፦ ሰው በማያድርባቸው ክፍሎች የተዘጉ የአየር መውጫዎች፣ መሳቢያው ላይ የተደገፈ ሶፋ፣ የደከመ የብሎወር ሞተር፣ የቆሸሸ ኮይል፣ በእርግጥም የጎደለ ጋዝ። ደጁ ከ16 ዲግሪ በታች በሆነ ሌሊት ኤሲ ማሠራትም እንዲሁ በረዶ ሊያመጣ ይችላል። ግን ሌላውን ለማወቅ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ፊልተሩን ለማየት ግን እጅ ይበቃል። መጀመሪያ የሚታየው እሱ የሆነው ለዚህ ነው።

ድሬዳዋ፣ ሰመራ ወይም ዱባይ ሆነው ይህን የሚያነቡ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ስፕሊት ነው የሚያውቁት። ሕጉ አንድ ነው፤ ፊልተሩ ግን ይለያል። የፊቱን ክዳን ወደ ላይ ሲያነሡ የሚገኘው የፕላስቲክ መረብ አይጣልም፤ በውሃ ታጥቦ ጥላ ውስጥ ደርቆ ይመለሳል። አብዛኞቹ ስፕሊቶች ኮይላቸው ላይ ሙቀት የሚለካ ትንሽ ሽቦ ስላላቸው በረዶ ሊሠራ ሲቃረብ ኮምፕሬሰሩን ያስቆሙታል። ስለዚህ እዚያ ባለቤቱ የሚያየው በረዶ ላይሆን ይችላል፤ ቅዝቃዜው መጥቶ የሚሄድ፣ ወይም ማታ ውሃ አልጋ ላይ የሚያንጠባጥብ ማሽን ነው።

ማታ ሁለት ሰዓት ላይ እትዬ ደውለው ስክሪኑ 75 ማለቱን ነገሩኝ። የቤዝመንቱን ግድግዳ የሠሩት ሰዎች ሁለተኛውን ስቱኮ ለመፋቅ ቅዳሜ እንደሚመለሱም አከሉ። ቅዳሜ ጠዋት ሠራተኞቹ ሳይገቡ ማሽኑን አጥፍተው፣ የቤዝመንቱን የአየር መሳቢያ በፕላስቲክና በቴፕ አሸጉት። ወለሉ ተጠርጎ አቧራው ከሰከነ በኋላ ቴፑን ላጡት፤ ፊልተሩንም አውጥተው ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሡት።